የሰርቫይቫል ኩርባ እንዴት ይነበባል?

የሰርቫይቫል ኩርባ በሕክምና ጥናት ዘገባዎች ውስጥ በብዛት ከሚገኙ ሥዕሎች አንዱ ነው። አግድም የተዘረጋው መስመር ጊዜን ይለካል፤ ቀጥ ብሎ የቆመው ደግሞ ከ0 እስከ 100 ያለውን መቶኛ። ኩርባው ከላይ፣ ከ100 ተነስቶ እንደ ደረጃ እየተቆረጠ ወደ ቀኝ ይወርዳል። በማናቸውም ቀን ላይ ያለው ከፍታ የሚመልሰው ጥያቄ አንድ ብቻ ነው፦ ጥናቱን ከጀመሩት ሰዎች መካከል እስከዚያ ቀን ድረስ ክስተቱ ያልደረሰባቸው ከመቶ ስንት ናቸው?

ክስተቱ ሁልጊዜ ሞት ማለት አይደለም። የካንሰር ማገርሸት፣ የዕጢ ማደግ፣ ሁለተኛ የልብ ድካም ወይም የተተከለ ኩላሊት ሥራ ማቆም ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ኩርባውን ከማየት በፊት ከሥዕሉ ሥር ያለውን ጽሑፍ ማንበብና የተቆጠረው ክስተት ምን እንደሆነ ለይቶ ማወቅ ያስፈልጋል። “ሰርቫይቫል” የሚለውን ስም አይቶ ብቻ በሕይወት ስለመቆየት የሚናገር ነው ብሎ መደምደም ትልቁና የተለመደው ስህተት ነው።

ሥዕሉ የሚሠራበት ዘዴ በሁለት አሜሪካውያን፣ በኤድዋርድ ካፕላንና በፖል ሜየር ስም ይጠራል። ካፕላን በቤል ላብራቶሪ የስልክ መሥመር ውስጥ የሚገቡ የቫኩም ቱቦዎች ምን ያህል ጊዜ እንደሚያገለግሉ ያጠና ነበር፤ ሜየር ደግሞ የሕክምና ጥናቶችን የሚመረምር የስታቲስቲክስ ባለሙያ ነበር። ሁለቱ ለየብቻ ተመሳሳይ ሐሳብ ላይ ደርሰው ስለነበር ጽሑፎቻቸውን እንዲያዋሕዱ ተደረገና እ.ኤ.አ. በ1958 በአንድነት አሳተሙ። ቱቦም ይሁን ታካሚ ችግራቸው አንድ ነበር፤ መረጃው በሚሰበሰብበት ቀን ገና ያልተቃጠሉ ቱቦዎች፣ ገና ያልሞቱ ሰዎች አሉ። የእነሱ ዕድሜ እንዴት ይቆጠር?

ይህን ለማየት እ.ኤ.አ. በ1963 ታትሞ እስከ ዛሬ ድረስ የስታቲስቲክስ ተማሪዎች የሚለማመዱበት አንድ ጥናት ይጠቅማል። በኤሚል ፍራይራይክና በባልደረቦቹ የተመራው ይህ ጥናት አጣዳፊ የደም ካንሰር ይዟቸው በስቴሮይድ ሕክምና በሽታው የጠፋላቸው ወይም ጋብ ያለላቸው ልጆችንና ወጣቶችን ይመለከታል። በዚያን ጊዜ እንዲህ ያለው ፋታ አጭር ነበር፤ በሽታው ብዙ ሳይቆይ ያገረሻል። ጥያቄው መርካፕቶፑሪን የተባለው መድኃኒት ፋታውን ያራዝመዋል ወይ የሚል ነበር። 42 ታካሚዎች በ21 ጥንድ ተከፈሉ። ከእያንዳንዱ ጥንድ አንዱ በዕጣ መድኃኒቱን፣ ሌላው መድኃኒት የሌለበትን ተመሳሳይ እንክብል፣ ማለትም ፕላሲቦ ወሰደ። የተቆጠረው ክስተት የበሽታው ማገርሸት፣ ጊዜው ደግሞ በሳምንት ነው።

የፕላሲቦው ቡድን ኩርባ ለማንበብ ቀላል ነው፤ የ21ዱም በሽታ በጥናቱ ጊዜ ውስጥ አገርሽቷል። በመጀመሪያው ሳምንት ሁለት ልጆች አገረሸባቸው። ከ21 የቀሩት 19 ስለሆኑ ኩርባው ከ100 ወደ 90.5 ወረደ። በሁለተኛው ሳምንት ሌሎች ሁለት፣ በሦስተኛው አንድ እያለ ይቀጥላል። በ8ኛው ሳምንት ብቻ አራት ልጆች በአንድ ጊዜ ስላገረሸባቸው ኩርባው በአንድ እርምጃ ከ57 ወደ 38 ይዘላል። በ23ኛው ሳምንት የመጨረሻው ልጅ አገረሸበትና መስመሩ ዜሮ ነካ። እዚህ ላይ መቶኛው የተገኘው በቀላል ክፍፍል ነው፤ ያላገረሸባቸው ልጆች ቁጥር ለ21 ሲካፈል።

በመርካፕቶፑሪን ቡድን ግን ነገሩ ይለያል። ከ21ዱ በሽታው ያገረሸባቸው ዘጠኝ ብቻ ነበሩ፤ በ6ኛው ሳምንት ሦስት፣ ከዚያ በ7ኛው፣ በ10ኛው፣ በ13ኛው፣ በ16ኛው፣ በ22ኛውና በ23ኛው ሳምንት አንድ አንድ። የቀሩት 12 መረጃው እስከተዘጋበት ድረስ ደኅና ነበሩ። ይሁን እንጂ ሁሉም ወደ ጥናቱ የገቡት በአንድ ቀን አይደለም። ቀደም ብሎ የገባው 35 ሳምንት ታይቷል፤ ዘግይቶ የገባው ግን 6 ሳምንት ብቻ። ስለ ሁለተኛው ልጅ የሚታወቀው “ቢያንስ 6 ሳምንት ያለ ማገርሸት ቆይቷል” የሚለው ብቻ ነው። በ7ኛው ሳምንት ያገርሽበት፣ ዓመትም ይቆይ፣ መረጃው አይናገርም።

እንዲህ ያለውን ታካሚ ባለሙያዎች “ሴንሰር የተደረገ” ይሉታል፤ ክስተቱ ሳይደርስበት ክትትሉ የቆመ ማለት ነው። በኩርባው ላይ የሚታዩት ትናንሽ ቀጥ ያሉ ጭረቶች፣ አንዳንዴም የመደመር ምልክቶች ወይም ክቦች የሚያመለክቱት እነዚህን ሰዎች ነው። አንባቢ ብዙ ጊዜ ጭረቱን የሞት ወይም የማገርሸት ምልክት አድርጎ ይወስደዋል፤ እውነታው ግን ተቃራኒው ነው። ክስተት የሚታየው መስመሩ ወደ ታች ሲወርድ ነው። ጭረት ባለበት ቦታ መስመሩ ከፍታውን አይለውጥም፤ ምክንያቱም በዚያ ሰው ላይ እስከዚያ ቀን ክፉ ነገር አልደረሰም።

ለእነዚህ 12 ልጆች ምን ይደረግ? ሁለት ቀላል የሚመስሉ መንገዶች አሉ፤ ሁለቱም ያሳስታሉ። አንደኛው ከስሌቱ ማውጣት ነው። ያገረሸባቸው ዘጠኙ ብቻ ከተቆጠሩ በአማካይ የቆዩት 12 ሳምንት ያህል ነው፤ የፕላሲቦው ቡድን አማካይ ደግሞ ወደ 9 ሳምንት ይጠጋል። መድኃኒቱ ሦስት ሳምንት ብቻ የጨመረ ይመስላል፤ ምክንያቱም ከመድኃኒቱ ይበልጥ የተጠቀሙት ልጆች ተጥለዋል። ሁለተኛው መንገድ ሁሉንም እንደ ደኅና መቁጠር ነው፤ 12 ለ21 ሲካፈል 57 በመቶ ይሆናል። ይህ ደግሞ 6 ሳምንት ብቻ የታየውን ልጅ 23 ሳምንት በደኅና እንዳለፈ ያስቆጥረዋል። ያልታየ ነገር እንደታየ ይወሰዳል ማለት ነው።

ካፕላንና ሜየር ያመጡት መፍትሔ እያንዳንዱን ሰው በታየበት ጊዜ ልክ መቁጠር ነው፤ ክትትሉ እስከቆመበት ቀን ድረስ በስሌቱ ውስጥ ይኖራል፣ ከዚያ በኋላ ይወጣል። ክስተት በደረሰበት እያንዳንዱ ሳምንት “እስካሁን ከቆዩትና በክትትል ላይ ካሉት መካከል ይህን ሳምንት ያለፉት ምን ያህል ናቸው?” ተብሎ ይጠየቃል። የተገኘው መልስም ኩርባው ቀድሞ በነበረበት ከፍታ ይባዛል።

በመርካፕቶፑሪኑ ቡድን ስሌቱ እንዲህ ይሄዳል። እስከ 6ኛው ሳምንት ድረስ ማንም ስላላገረሸበት መስመሩ በ100 ላይ ይሄዳል። በ6ኛው ሳምንት በክትትል ላይ ካሉት 21 ልጆች ሦስቱ አገረሸባቸው። የቀሩት 18 ስለሆኑ 18 ለ21 ሲካፈል 85.7 በመቶ ይሆናል። በዚያው ሳምንት የአንድ ልጅ ክትትል ቆመ። በአንድ ሳምንት ሁለቱም ሲገጥሙ ማገርሸቱ ቀድሞ እንደተከሰተ ይቆጠራል፤ ስለዚህ ያ ልጅ ከ21ዱ ውስጥ ነበረ። በ7ኛው ሳምንት ግን የለም። በክትትል ላይ ያሉት 17 ናቸው፤ አንድ ልጅ አገረሸበትና 16 አለፉ። 85.7 በ16/17 ሲባዛ 80.7 ይሆናል። በ9ኛው ሳምንት ሌላ ልጅ ክትትሉ ቆመ፤ መስመሩ ላይ አንድ ጭረት ይጨመራል እንጂ ከፍታው ያው ነው። በ10ኛው ሳምንት ከ15 አንዱ ሲያገረሽበት 80.7 በ14/15 ይባዛና 75.3 ይሆናል።

እየቀጠለ ሲሄድ አንድ ነገር ይታያል፤ ደረጃው እየረዘመ ይመጣል። መጀመሪያ ላይ አንድ ልጅ ሲያገረሽበት ኩርባውን የሚያወርደው ወደ አምስት ነጥብ ገደማ ነበር። በ17ኛው፣ በ19ኛውና በ20ኛው ሳምንት ሦስት ልጆች ክትትላቸው ቆሞ ስለወጡ በ22ኛው ሳምንት የሚታዩት 7 ብቻ ቀሩ። በ23ኛው ሳምንት 6 ልጆች ነበሩ፤ አንዱ አገረሸበትና ኩርባው ከ53.8 ወደ 44.8፣ ዘጠኝ ነጥብ ወረደ። ያው አንድ ልጅ ነው፤ ነገር ግን ከሌሎቹ ጋር ሲመዘን ክብደቱ እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረውም። በጭረቶች መካከል ረጅም ቁልቁለት ሲታይ በሽታው በድንገት ባሰበት ብሎ ከመደምደም በፊት በዚያ ጊዜ ስንት ሰው ቀርቶ እንደነበር መጠየቅ የሚገባው ለዚህ ነው።

ዘዴው በአንድ እምነት ላይ የቆመ ነው፤ ክትትሉ የቆመው ሰው ክትትላቸው ከቀጠለው ሰዎች የተለየ ዕጣ እንደማይገጥመው። በፍራይራይክ ጥናት ይህ እምነት ምክንያት ነበረው፤ ልጆቹ የወጡት ታመው ወይም ተሻሏቸው ሳይሆን ጥናቱ ስለተዘጋ ነው። ሌሎች ጥናቶች እንዲህ ዕድለኛ አይደሉም። በኢትዮጵያ የፀረ ኤችአይቪ መድኃኒት በነጻ መሰጠት ከጀመረበት እ.ኤ.አ. ከ2005 ወዲህ ከየሆስፒታሉ መዝገብ ብዙ የሰርቫይቫል ጥናቶች ተሠርተዋል። በእነዚህ መዝገቦች ላይ “ክትትል ያቋረጠ” ተብሎ የሚጻፍ ታካሚ ወደ ሌላ ከተማ ሄዶ ሊሆን ይችላል፤ ቤቱ ሞቶም ሊሆን ይችላል። በአፍሪካ ልዩ ልዩ አገሮች ክትትል ያቋረጡ ታካሚዎች ቤት ለቤት ሲፈለጉ ቀላል የማይባል ቁጥር ሞቶ ተገኝቷል። እነዚህ ሰዎች በኩርባው ላይ በጭረት ብቻ ከተመለከቱ የሞቱት በሕይወት ካሉት ጋር እኩል ይቆጠሩና ኩርባው ከእውነቱ በላይ ከፍ ብሎ ይሄዳል።

ይህን ከሥዕሉ ለመጠርጠር የጭረቶቹ አቀማመጥ ይረዳል። ጭረቶቹ ወደ ቀኝ ጫፍ ከተሰበሰቡ ብዙ ጊዜ ምክንያቱ የጥናቱ መዘጋት ነው፤ ዘግይተው የገቡ ሰዎች ገና ብዙ አልታዩም። ገና በጠዋቱ፣ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ተደርድረው ከታዩ ግን ሰዎች ለምን እንደወጡ ዘገባው ማብራራት አለበት። በተለይ በአንደኛው ቡድን በዝተው በሌላው ካነሱ ነገሩ ከባድ ነው። መድኃኒቱ የጎንዮሽ ጉዳቱ በዝቶ የደከሙትን አስወጥቶ ከሆነ፣ የቀሩት ጠንካሮቹ ናቸው፤ ኩርባውም የእነሱን ብርታት ለመድኃኒቱ ያስመዘግባል።

ጥርጣሬው ምን ያህል ውጤቱን እንደሚያናውጥ ለመፈተን ክፉውን መገመት ይቻላል። ከመርካፕቶፑሪኑ ቡድን ክትትላቸው የቆመው 12ቱም ልጆች ከወጡበት ቀን ማግሥት አገረሸባቸው እንበል። 21ዱ በቆዩበት ጊዜ ቅደም ተከተል ሲደረደሩ መካከል ላይ የሚውለው፣ 11ኛው ልጅ፣ 16 ሳምንት የቆየው ይሆናል። የፕላሲቦው ቡድን 11ኛ ልጅ የቆየው 8 ሳምንት ነበር። እጅግ ክፉው ግምት ተወስዶ እንኳ መድኃኒቱ እጥፍ ይበልጣል። እንዲህ ያለ ፈተና የሚያልፍ ውጤት ጥቂት ነው፤ ዘገባው ራሱ ሠርቶ ሲያቀርበው ደግሞ እምነት ይጨምራል።

ከጭረቶቹ ጋር አብሮ መነበብ ያለበት ከኩርባው ሥር የሚቀመጠው ትንሽ ሠንጠረዥ ነው። በየጊዜው በክትትል ላይ የቀሩትን ሰዎች ቁጥር ያሳያል። ለዚህ ጥናት ቢሠራ፣ ሲጀመር በሁለቱም ወገን 21፣ በ10ኛው ሳምንት 15 በመድኃኒቱና 8 በፕላሲቦው፣ በ20ኛው 8 እና 2፣ በ30ኛው 4 እና ዜሮ ይል ነበር። ብዙ አንባቢ ሥዕሉን አይቶ ሠንጠረዡን ያልፈዋል። ኩርባው ከጫፍ እስከ ጫፍ ያው በአንድ ውፍረት ስለሚሠመር ደግሞ በ21 ሰዎችና በ4 ሰዎች ላይ የቆመው መስመር ለዓይን ልዩነት የለውም።

የመርካፕቶፑሪኑ ኩርባ ከ23ኛው ሳምንት በኋላ በ45 በመቶ ላይ ሜዳ ሆኖ እስከ 35ኛው ሳምንት ይዘልቃል። ሲታይ 45 በመቶ የሚሆኑት ልጆች የዳኑ፣ በሽታው ሁለተኛ የማይመለስባቸው ይመስላል። ሜዳውን የተሸከሙት ግን አምስት ልጆች ናቸው፤ በ25ኛው ሳምንት አንዱ፣ በ32ኛው ሁለቱ፣ በ34ኛው አንዱ ክትትላቸው ይቆማል። የመጨረሻውን ሳምንት ያሻገረው አንድ ልጅ ብቻ ነው። ያ ልጅ በ35ኛው ሳምንት ቢያገረሽበት ኖሮ ኩርባው ከ45 በቀጥታ ወደ ዜሮ ይወድቅ ነበር። በ23ኛው ሳምንት ላይ እንኳ የ45 በመቶው የመተማመኛ ክልል፣ ማለትም እውነተኛው ቁጥር ሊገኝ የሚችልበት ስፋት፣ በተለመደው ስሌት ከ25 እስከ 81 ይደርሳል። በኩርባ መጨረሻ ላይ ያለ ሜዳ የመዳን ምልክት ሊሆን የሚችለው ብዙ ሰዎች ለረጅም ጊዜ ታይተው ሲረጋገጥ ነው፤ በጥቂት ጭረቶች ላይ የቆመ ሜዳ ግን ገና ያልተነበበ ገጽ ነው።

ሁለቱ ኩርባዎች ጎን ለጎን ሲታዩ በመካከላቸው ያለው ክፍተት በሁለት አቅጣጫ ይለካል። አንደኛው ከላይ ወደ ታች ነው፤ በአንድ በተመረጠ ቀን ሁለቱ መቶኛዎች ምን ያህል ይራራቃሉ? በ10ኛው ሳምንት ያላገረሸባቸው በመርካፕቶፑሪን 75፣ በፕላሲቦ 38 በመቶ ናቸው፤ ክፍተቱ 37 ነጥብ ነው። በ20ኛው ሳምንት 63 ለ10 ገደማ ሆኖ ክፍተቱ ወደ 53 ይሰፋል። መልሱ በተመረጠው ቀን ላይ የሚወሰን ስለሆነ፣ አንድ ዘገባ አንድን ቀን ብቻ መዞ ሲያቀርብ ያ ቀን ጥናቱ ሳይጀመር የተመረጠ ነው ወይስ ክፍተቱ ሰፍቶ ከታየ በኋላ ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው።

ሁለተኛው ከግራ ወደ ቀኝ ነው። ከ50 በመቶ ላይ አግድም መስመር ቢሠመር እያንዳንዱን ኩርባ የሚቆርጥበት ጊዜ መካከለኛው የቆይታ ጊዜ፣ ማለትም ሚዲያን ይባላል። ግማሹ ሰው ክስተቱ የደረሰበት ቀን ነው። ለፕላሲቦው 8 ሳምንት፣ ለመርካፕቶፑሪኑ 23 ሳምንት ይወጣል፤ ክፍተቱ 15 ሳምንት ነው። ይህ ማለት ግን እያንዳንዱ ልጅ 15 ሳምንት አተረፈ ማለት አይደለም፤ በመድኃኒቱ ቡድን ውስጥም በ6ኛው ሳምንት ያገረሸባቸው ሦስት ልጆች አሉ። ኩርባው 50 በመቶን ሳይነካ ካለቀ ደግሞ ዘገባው ሚዲያኑ “አልተደረሰም” ይላል። ግማሹ ሰው ገና ክስተቱ አልደረሰበትም ማለት ነው እንጂ ስሌቱ ስህተት ስለሆነ አይደለም።

ክፍተቱ በአጋጣሚ የመጣ ነው ወይስ አይደለም የሚለውን ለመመርመር በብዛት የሚሠራበት ሎግ ራንክ የተባለው ፈተና ነው። ሐሳቡ ቀላል ነው። መድኃኒቱ ምንም የማይሠራ ቢሆን ኖሮ በእያንዳንዱ ሳምንት የሚያገረሽባቸው ልጆች በሁለቱ ቡድኖች መካከል በቀሩት ሰዎች ብዛት ልክ ይከፋፈሉ ነበር። በመጀመሪያው ሳምንት 21 ለ21 ናቸው፤ ሁለት ልጆች ስላገረሸባቸው ለእያንዳንዱ ወገን አንድ አንድ ይጠበቃል። የሆነው ግን ሁለቱም ከፕላሲቦው ወገን መሆናቸው ነው። ይህ ስሌት በየሳምንቱ ተደግሞ ሲደመር በመርካፕቶፑሪኑ ቡድን ወደ 19 የሚጠጉ ልጆች ሊያገረሽባቸው ይጠበቅ ነበር፤ ያገረሸባቸው 9 ናቸው። በፕላሲቦው 11 ያህል ይጠበቅ ነበር፤ የሆነው 21 ነው። እንዲህ ያለ ርቀት በአጋጣሚ የመምጣት ዕድሉ ከሺህ አንድ እንኳ አይሞላም፤ በዘገባው ውስጥ የሚጻፈው ፒ ቫልዩ የሚናገረው ይህንን ነው።

የክፍተቱን መጠን በአንድ ቁጥር የሚያጠቃልለው ሃዛርድ ሬሾ ነው። በማናቸውም ሳምንት፣ እስከዚያ ድረስ ካላገረሸባቸው ልጆች መካከል፣ የማገርሸቱን ፍጥነት በሁለቱ ቡድኖች ያነጻጽራል። ለዚህ ጥናት ሲሰላ 0.22 ገደማ ይመጣል፤ መድኃኒቱን የሚወስድ ልጅ በየሳምንቱ የሚገጥመው የማገርሸት ፍጥነት ፕላሲቦ ከሚወስደው ከአምስት አንድ ትንሽ ከፍ የሚል ነው። ቁጥሩ 1 ቢሆን ልዩነት የለም፤ ከ1 ሲበልጥ ሕክምናው ይብሳል ማለት ነው። የመተማመኛ ክልሉ ከ0.10 እስከ 0.49 ስለሆነ 1ን አይነካም። ይህን 0.22 “በሽታው የማያገረሽባቸውን ልጆች አምስት እጥፍ ያደርጋል” ወይም “አምስት እጥፍ ያቆያል” ብሎ መተርጎም ስህተት ነው። ሚዲያኑ ያደገው ሦስት እጥፍ ያህል ነው፤ ሃዛርድ ሬሾ የሚለካው ፍጥነትን እንጂ የቆይታን ርዝመት አይደለም።

ይህ አንድ ቁጥር የሚያስተማምነው የሁለቱ ቡድኖች ንጽጽር ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ብዙ ካልተለወጠ ነው። ኩርባዎቹ ከሥር ጀምረው ቀስ በቀስ ከተለያዩና ከዚያ ካልተገናኙ ነገሩ ደህና ነው። ሲቋረጡ ግን ቁጥሩ ይሸፍናል እንጂ አይገልጽም። ለዚህ እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመው አይፓስ የተባለው የሳንባ ካንሰር ጥናት የታወቀ ምሳሌ ነው። በምሥራቅ እስያ 1,217 ታካሚዎች፣ አብዛኞቹ ሲጋራ አጭሰው የማያውቁ፣ ግማሾቹ ጌፊቲኒብ የተባለ እንክብል፣ ግማሾቹ የተለመደውን ኬሞቴራፒ ወሰዱ። የተቆጠረው ክስተት የበሽታው መባባስ ወይም ሞት ነበር።

ሚዲያኖቹ 5.7 እና 5.8 ወር ናቸው፤ በ50 በመቶ ላይ ብቻ ያየ ሰው ልዩነት የለም ይላል። ሃዛርድ ሬሾው ደግሞ 0.74 ነው፤ እሱን ብቻ ያየ ጌፊቲኒብ በሁሉም ጊዜ ይሻላል ይላል። ኩርባውን ያየ ግን ሁለቱም እንዳልሆነ ያስተውላል። በመጀመሪያዎቹ ወራት የኬሞቴራፒው መስመር ከላይ ነው፤ በ6ኛው ወር አካባቢ ሁለቱ ይቋረጣሉ፤ ከዚያ በኋላ ጌፊቲኒብ ከላይ ሆኖ በ12ኛው ወር 25 በመቶ ለ7 በመቶ ይመራል።

እንዲህ ያለ መቋረጥ ብዙ ጊዜ በአንድ ቡድን ውስጥ ሁለት ዓይነት ሰዎች እንዳሉ ያስጠረጥራል። አጥኚዎቹ ዕጢያቸው ለተመረመረላቸው ታካሚዎች ኩርባዎቹን ለይተው ሠሩ። ኢጂኤፍአር በተባለው ጂን ላይ ለውጥ ላላቸው ሃዛርድ ሬሾው 0.48 ሆነ፤ ጌፊቲኒብ በግልጽ ይበልጣል። ለውጡ ለሌላቸው 2.85 ሆነ፤ እንክብሉ ከኬሞቴራፒ እጅግ ያንሳል። መጀመሪያ ላይ የጌፊቲኒብን መስመር ያወረዱት እንክብሉ የማይሠራላቸው ሰዎች ነበሩ፤ እነሱ ካለፉ በኋላ የቀሩት የሚጠቅማቸው ነበሩ። 0.74 የሁለቱ ድብልቅ ስለሆነ አንድም ታካሚ በትክክል አይገልጽም። ዛሬ ይህ ዓይነት የሳንባ ካንሰር ያለበት ሰው ሕክምናው ከመመረጡ በፊት የዕጢው ጂን የሚመረመረው በዚህና በመሰል ጥናቶች ምክንያት ነው።

የዚሁ ጥናት ሌላ ኩርባ ከክስተቱ ምርጫ ጋር የሚነሳውን ጥያቄ ያሳያል። ቆይቶ የተቆጠረው ሞት ብቻ ሲሆን ሁለቱ መስመሮች ተጠጋግተው ሄዱ፤ ሚዲያኖቹ 18.8 እና 17.4 ወር፣ ሃዛርድ ሬሾው 0.90 ሆነ፤ የመተማመኛ ክልሉም 1ን ይጨምራል። የጂን ለውጥ ባላቸው ዘንድም 21.6 ለ21.9 ነበር። በሽታው መባባሱን በእጅጉ ያዘገየ መድኃኒት በሞት ኩርባ ላይ ልዩነት አላሳየም። ምክንያቱ በዋናነት ኬሞቴራፒ ከጀመሩት ብዙዎቹ በሽታው ሲባባስባቸው ጌፊቲኒብን ወይም መሰሉን መድኃኒት መውሰዳቸው ነው። በዕጣ የተለያዩት ሁለት ቡድኖች በሕክምና ተቀላቅለዋል፤ ሆኖም ስሌቱ እያንዳንዱን ታካሚ መጀመሪያ ዕጣው በወጣለት ቡድን ውስጥ መቁጠሩን ይቀጥላል። በእንዲህ ያለ ኩርባ ላይ ክፍተቱ ሲጠብ መድኃኒቱ አልሠራም ከማለት በፊት፣ ከመጀመሪያው ሕክምና በኋላ በእያንዳንዱ ቡድን ያሉ ሰዎች ምን እንደወሰዱ የሚገልጸውን የዘገባውን ክፍል መመልከት ያስፈልጋል።